የስኒከር ማስታወቂያ ምስል ፕሮምፕት፦ ሊስትሮው ቀና ሲል

ለስኒከር ማስታወቂያ የሚሆን አንድ ምስል፣ በስቱዲዮ የተነሣ ፎቶ የሚመስል። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ 4 በ5፣ 1080 በ1350 ፒክስል። ስታዲየም አካባቢ ካሉት የጫማ ሱቆች የአንዱ ነው፤ ቴሌግራምና ኢንስታግራም ላይ ይለጠፋል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን በአውራ ጣቱ የሚያንሸራትት ሰው እጁ ቆም እንዲል ነው የሚፈለገው።

አንድ ጫማ ብቻ፣ የቀኝ እግር፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ። ካሜራው ከታች ነው። ለገሃር በር ላይ ሳጥኑን አስቀምጦ በአጭር በርጩማ የተቀመጠ ሊስትሮ፣ ደንበኛው እግሩን ሲያነሣ ቀና ብሎ የሚያየውን አስብ፦ ዓይኑ ታች፣ ጫማው ከላይ፣ ሶሉ ከፊቱ። ሌንሱ ሰፊ፣ 24 ሚሊሜትር፣ ተጠግቶ የተነሣ፤ የጫማው አፍንጫ ወደ ተመልካቹ መጥቶ ይግዘፍ፣ ተረከዙ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይነስ። አፍንጫው 35 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይነሣ። ጫማው ወደ ጎኑም ትንሽ ይዘንበል፤ ካልዘነበለ ሶል ብቻ ይታይና ምን ዓይነት ጫማ እንደሆነ አይታወቅም። ከሚታየው ሁለት እጁ ሶል፣ አንድ እጁ የውጭ ጎኑ ይሁን። ሊራመድ እግሩን ያነሣ ሰው ድንገት ጠፍቶ ጫማው ብቻ የቀረ ይምሰል እንጂ፣ በክር የተንጠለጠለ አይምሰል።

የሥራው ልብ ሶሉ ነው። ቀለሙ የአደይ አበባ ቢጫ፣ ጎማው ደብዘዝ ያለ እንጂ የሚያብለጨልጭ አይደለም። የሶሉ ጥርሶች ከመስቀል አደባባይ ደረጃዎች የተወሰዱ ናቸው፦ ከጣቶች ሥር ካለው የእግር መዳፍ በታች ካለች አንዲት ነጥብ ተነሥተው እየሰፉ የሚሄዱ ግማሽ ክቦች፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ፣ ልክ ጠዋት ጠዋት ሯጮች እየተመላለሱ እንደሚሮጡባቸው እርከኖች። እያንዳንዱ ጥርስ ጠርዙ የተሳለ፣ በመካከሉ ያለው ቦይ 4 ሚሊሜትር ያህል የጠለቀ። ተረከዙ ላይ ክቡ ይቁምና አጫጭር ሰያፍ መስመሮች ይተኩት። የአፍንጫው ጠርዝ ላይ ጎማው ከተቀረጸበት ቅርጽ የተረፈች ቀጭን የጎማ መስመር ትታይ፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት እውነተኛ የምታስመስለው። ከቦዮቹ በአንዱ አንዲት የኮብልስቶን ጠጠር ተሰክታለች፣ ከሥሯም ሁለት ሦስት የአቧራ ቅንጣት ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በላይ አቧራ አልፈልግም፤ ጫማው አዲስ ነው፣ ሰው የሚገዛው።

የላይኛው ክፍል ነጭ፣ ወንፊት መሰል ጨርቅ፤ አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ነጭ ቆዳ። መካከለኛው ሶል ወፍራም ነጭ ፎም። የማሰሪያ ቀዳዳው በየጎኑ 6፣ ማሰሪያው በሁሉም ውስጥ ያለፈ፣ ጫፉ አጭር ሆኖ የታሰረ። ምላሱ አንድ ብቻ።

ጀርባው ምንም ነገር የሌለበት፣ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሄድ ነው። ክረምት ካለፈ በኋላ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና ሲታይ ያለውን ሰማይ ይዞ፦ ሥሩ አቧራ የነካው ሮዝ፣ መሃሉ የጃካራንዳ አበባ ወይን ጠጅ፣ አናቱ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ሰማያዊ። ሕንፃ፣ ባቡር፣ ሰው አይግባ፤ ከተማው በቀለሙ ብቻ ይኑር። ብርቱካናማም አይግባ፣ ቢጫውን ሶል ይበላዋል። ቀለማቱ የሚገናኙበት ቦታ መስመር መስመር እንዳይሠራ በፊልም የተነሣ ፎቶ ላይ እንደሚታየው ያለ በጣም ደቃቅ ነጠብጣብ ይነስነስበት።

ብርሃኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከታች ሲነሣ ሶሉ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ባለፈው ሥራም ያበላሸን ይኸው ነው፤ ሶሉ ጥቁር ንጣፍ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ዋናው ብርሃን ከታች ግራ፣ ረጅምና ጠባብ፣ ሶሉን በአግድም እየዳሰሰ ይለፍ፤ የእያንዳንዱ ጥርስ ጥላ ቦዩ ውስጥ ይውደቅ። ከኋላ ቀኝ ሁለተኛ ቀዝቃዛ ብርሃን የነጩን ጎን ጠርዝ በቀጭኑ ያውጣ። ከጫማው ሥር፣ ከምስሉ ግርጌ ቀረብ ብሎ፣ ለስላሳ ሞላላ ጥላ ይኑር፤ ጫማውን ግን አይንካው፣ መንሳፈፉ የሚታወቀው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። ከአፍንጫ እስከ ተረከዝ ሁሉም ጥርት ይበል።

እግር፣ ካልሲ፣ ሁለተኛ ጫማ፣ የታወቀ ድርጅት ምልክት፣ የሚበር ጭስ፣ የውሃ ፍንጣቂ አይኑር። ምንም ዓይነት ጽሑፍም አይኑር፤ ፊደላችን ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። የላይኛው ግራ ጥግ፣ ከምስሉ አንድ አራተኛ ያህል፣ ባዶ ሰማያዊ ይቅር። «ከ38 እስከ 45 ቁጥር፣ 4,800 ብር» የሚለውን እዚያ ላይ እኛው በእጃችን እንጽፈዋለን።