ዋጋ፦ ሚዛንዎን ይቁጠሩ

ይህ በስልክ የሚሠራ መዝገብ የተዘጋጀው በጅማና በአካባቢዋ ቡና ለሚሰበስቡ ነጋዴዎችና ማኅበራት ነው። ጥቅል ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ በስንት ሚዛን ይሠራሉ?

ሥራው በሁሉም ጥቅል ያው ነው። የገበሬው ስም፣ ኪሎው፣ የቀኑ ዋጋና የሰጡት ቅድሚያ ብር አንድ ቦታ ይመዘገባል። ኪሎውን ራሱ በ17 አካፍሎ ወደ ፈረሱላ ይለውጣል፤ 212.5 ኪሎ ሲያስገቡ 12 ተኩል ፈረሱላ ይልዎታል። ኔትወርክ ቢጠፋም ይመዘግባል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሠራል። የፈለጉትን ያህል ሠራተኛ በየስልኩ ቢያስገቡ ተጨማሪ አይከፍሉም።

አንድ ሚዛን፦ በወር 450 ብር
አንድ ቦታ ላይ ለሚገዛ። ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው፤ እርስዎም ካመነቱ በዚህ ይጀምሩ።

ሦስት ሚዛን፦ በወር 1,200 ብር
ለምሳሌ አጋሮ ላይ ሁለት ሚዛን፣ ጅማ መጋዘንዎ በር ላይ አንድ ካለዎት ይሄ ነው የእርስዎ። ማታ ላይ የሦስቱም ሒሳብ አንድ ላይ ተደምሮ ስልክዎ ላይ ይታያል። ቡናው ሲበዛ አራተኛ ሚዛን መጨመር ከፈለጉ ለወሩ 400 ብር ብቻ ይጨምራሉ። በሚቀጥለው ወር ካላስፈለገ ያስወጡታል።

መጋዘን፦ በወር 2,600 ብር
እስከ 10 ሚዛን ይይዛል። ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር አለው፦ ስንት ኪሎ እሸት ገብቶ፣ ደርቆ ስንት ኪሎ ጀንፈል እንደወጣ ያሳያል። ቡና የማያደርቁ ከሆነ ይህ ምንም አይጠቅምዎትም፤ ብርዎን አያባክኑ። እስከ 6 ሚዛን ድረስ «ሦስት ሚዛን» ላይ እየጨመሩ መሥራት ይረክሳል። ከ7 ጀምሮ ግን «መጋዘን» ያዋጣል።

ቡና ሳይኖርስ?
አይክፈሉ። ለቀማው አልቆ ግዢ ሲቆም «አቁም» የሚለውን ይጫኑ። ከዚያ ወር በኋላ ሒሳብ አይመጣብዎትም። የድሮ መዝገብዎን ግን ክረምቱን ሙሉ ማየትና ማተም ይችላሉ። ገበሬው «ቀሪ ብር አለኝ» ብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያኔ ስለሆነ መዝገቡን አንዘጋብዎትም።

ከጥቂት ጎረቤት ገበሬዎች ብቻ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ደብተርዎ ይበቃዎታል። ሥራው ሲሰፋ ይምጡ።

አከፋፈል
የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በነጻ ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከተመዘገቡበት ዕለት ሳይሆን የመጀመሪያውን ግዢ ካስገቡበት ዕለት ነው። ከዚያ በየወሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላሉ። የተጻፈው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ ነው፣ ደረሰኝም እንሰጣለን። ጥቅል በማንኛውም ቀን መቀየር ይቻላል፤ ወደ ትልቁ ሲያልፉ የሚከፍሉት የቀሩትን ቀናት ልዩነት ብቻ ነው። ወደ ትንሹ ሲመለሱ አዲሱ ዋጋ ከሚቀጥለው ወር ይጀምራል።