ለቲቸር፣ ከማሙሽ እናት

ውድ ቲቸር፣

በስምዎ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ቤታችን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሲጠሩ የከረሙት «ቲቸር» ተብለው ነው። «ቲቸር እንዲህ አለች»፣ «ቲቸር እንደዚህ አይደለም የምታደርገው»፣ «ቆይ ለቲቸር እነግርብሻለሁ»። እኔም እንደ ልጄ ልጥራዎት።

ትናንት የመዝጊያው ዝግጅት ላይ ላመሰግንዎ ፈልጌ ነበር። ወላጁ ተደራርቦ፣ ልጆቹ እግርዎ ላይ ተጠምጥመው፣ ለኔ የደረሰኝ አንድ «እናመሰግናለን» ብቻ ሆነ። አልበቃኝም። ማሙሽ ከተኛ በኋላ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ረዘም ስለሚል ይታገሱኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ትዝ ይልዎታል? በሩ ላይ ቀሚሴን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ አለቅም የሚለው ልጅ የኔ ነበር። እኔ የማውቀው ዘዴ አንድ ነው፤ ወደ መጫወቻው ዞር እስኪል ጠብቆ ሹልክ ማለት። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግኩ። በአራተኛው ቀን ከበሩ ውጭ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። አልተቆጡኝም። «ሳይሰናበቱት አይሂዱ። ዞር ባለ ቁጥር እናቱ የምትጠፋ ከመሰለው ዞር ማለት ራሱ ያስፈራዋል» አሉኝ። ደግሞ በስንት ሰዓት እንደምመጣ ሳይሆን ከምን በኋላ እንደምመጣ እንድነግረው አሳዩኝ። ለአራት ዓመት ልጅ «ዘጠኝ ሰዓት» ምኑም አይደለም። «ትተኛላችሁ፣ ተረት ትሰማላችሁ፣ ከዚያ እኔ በሩ ላይ ነኝ» ግን ይገባዋል።

በማግስቱ እንዳሉኝ አደረግኩ። ልጄ ከበፊቱም ብሶ አለቀሰ። ሆዴ እየተላወሰ ሥራ ቦታ ደረስኩ። ገና ከመቀመጤ ደወሉልኝ። «ቆሟል። አሁን ብሎኬት እየደረደረ ነው» ብለው ዘጉት። ያንን ሁሉ ሕፃን ይዘው እኔንም ማሰብዎ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በሦስተኛው ሳምንት ማሙሽ ራሱ በሩ ላይ ቆመና «መተኛት፣ ተረት፣ ከዚያ አንቺ» ብሎኝ ገባ። ወደ ኋላ እንኳን አላየም።

ከዚያ ደግሞ ዝምታው መጣ።

ቤት ውስጥ አፉ አያርፍም። ከአልጋ እስኪወርድ ድረስ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቃል አይወጣውም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ስሙ ሲጠራ አቤት አይልም። ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግ እንኳን እጅዎን ይዞ ይጎትታል እንጂ አይናገርም ብለውኛል። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች መዝሙሩን፣ ቁጥሩን ሲያወሩ እኔ ጫማዬን እያየሁ እቆም ነበር።

አንድ ነገር ይቅርታ ልጠይቅዎ። በዚያ ሰሞን በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ የጻፍኩት ነገር አለ። «ቤት እንዲህ አይደለም፤ እዚያ ምን ሆኖ ነው?» የሚል። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ክስ ነበር። ስጽፈውም ክስ መሆኑን አውቄዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ይጽፍልኝ ነበር። እርስዎ ግን «ነገ ሃያ ደቂቃ ይኖርዎታል?» ብቻ ብለው ላኩ። በማግስቱ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ስለ ልጄ ያዩትን አንድ በአንድ ነገሩኝ። የትኛውን ጨዋታ እንደሚመርጥ። ማን አጠገብ ሲቀመጥ ትከሻው ዘና እንደሚል። መዝሙር ሲዘመር ድምፁ ባይወጣም ከንፈሩ እንደሚንቀሳቀስ። «እየሰበሰበ ነው» አሉኝ። ያቺን ቃል ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። እኔ የጎደለውን ስቆጥር እርስዎ ያለውን ሲያዩ ከርመዋል።

ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ «በል ተናገር» ስላላሉት ነው። በሰው ፊት አቁመው «ስምህ ማን ነው?» አላሉትም። ሌሎቹ ልጆች «እሱ እኮ አያወራም» ሲሉ «ሲፈልግ ያወራል» ብለው ጨዋታውን እንደቀጠሉ ረዳትዎ ነግራኛለች። በቃል የማይሠራ ሥራም ፈለጉለት፤ ክሬየን አዳይ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል። ልጆቹ ቀለም ሲመርጡ ቆሞ ይጠብቃል። ለካ እያንዳንዱ ልጅ በቀን አንዴ ከሱ ጋር ዓይን ለዓይን እንዲተያይ ነበር። ይህን ያኔ አልተረዳሁትም። እንደ ቀላል ጨዋታ ነበር ያየሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ደብተሩን ስከፍተው በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አገኘሁ።

«ዛሬ ‹አለቀ› አለ።»

ሌላ ምንም የለም። ቀይ ክሬየን የፈለገ ልጅ እጁን ሲዘረጋ ቀዩ አልቆ ኖሯል። ማሙሽም «አለቀ» አለው። እርስዎም አላጨበጨቡም፣ «ኧረ ተናገረ!» ብለው ክፍሉን አላስነሱም። እንዳልሰሙ ሆነው ሌላ ቀይ ሰጡት። ደስታዎን ለማታው አቆይተው ለእኔ ላኩልኝ። ኩሽና ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ያንን ገጽ ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። በአራት ወር ውስጥ ከልጄ አፍ ክፍል ውስጥ የወጣችው የመጀመሪያ ቃል ናት። ከሷ በኋላ ቀስ በቀስ «እንካ»፣ «የኔ ነው»፣ «ቲቸር፣ እሱ ገፋኝ» መጡ። አሁንማ ዝም በል ማለት ጀምረዋል መሰለኝ።

ስለ ንክሻው ቀንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሌላ ልጅ ክንድ ላይ የጥርሱን ምልክት ማተሙን ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ። ልወስደው ስመጣ ቁጣም ስድብም ጠብቄ ነበር። እርስዎ «መጥፎ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ቃል አጥሮት ነው» አሉኝ። የተነከሰውን ልጅ አስቀድመው አባብለዋል፤ በረዶ ይዘውለታል፤ እናቱን ራስዎ አነጋግረዋታል። ከዚያ ለማሙሽ የጎደለውን ቃል ሰጡት። «ተራዬ ነው» የሚለውን። ሳምንቱን ሙሉ ከአሻንጉሊት ጋር ተለማመዱት። ዛሬ ገና መዳህ የጀመረች እህቱን «ተራሽን ጠብቂ» ይላታል። አትጠብቀውም፤ እሱ ግን አይነክሳትም።

ፊደሉ ላይ ደግሞ እኔ ቸኩዬ ነበር። ጎረቤት ያለች እኩያው ሀሁን እስከ ፐ ስትወርደው ሰምቼ ቤት የፊደል ገበታ ለጠፍኩ። 33 ፊደል በ7 ረድፍ፣ 231 ሆሄ። ማታ ማታ እያስቀመጥኩ አስጠናው ጀመር። ሁለታችንም ተቆጥተን እንተኛለን። ይህን ስነግርዎ አልሳቁብኝም። «እጁ ገና ነው። ፕላስቲን ይጠፍጥፍ፣ በመቀስ ወረቀት ይቁረጥ፣ የልብስ መስቀያ መቆንጠጫ ይክፈት ይዝጋ። እርሳሱ ይደርሳል» አሉኝ። ገበታውን አላወረድኩትም፣ ማስጠናቱን ግን ተውኩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሳሎን መሐል ቀጥ ብሎ ቆመና «እኔ በ ነኝ» አለኝ። እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፤ «ቡ»። እጁን ሰብስቦ እግሩን ወደ ጎን ሰደደ፤ «ቢ»። አንድ እግሩን አንስቶ እየተንገዳገደ፤ «ባ!»። እኔ ፊደልን በዓይኔ ነው የተማርኩት፤ በዱላም ጭምር። አንድ ሆሄ ጎኑ ላይ ቅጥያ ሲያወጣ እጅ እንደሚዘረጋ ሰው አድርጌ አስቤው አላውቅም። አሁን ገበታው ሥር ቆመን አብረን ነው የምንሠራው። ቤ ላይ ስንደርስ እግራችንን ቀለበት ማድረግ ስለማንችል መሬት ላይ እንወድቃለን። ጥቂቶቹን ገና ገልብጦ ይጽፋቸዋል። እንደነገሩኝ፣ አላርመውም።

ሌላም ስንት ነገር አለ። ልብሱ ላይ ያመለጠው ቀን ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ እርጥቡ በፌስታል ታስሮ ቦርሳው ሥር ተቀምጦ መጣ። ማንም እንዳላየበት ከፊቱ አወቅሁ። የተፈታ ክር፣ የተዝረከረከ አፍንጫ፣ የጠፋ አንድ እግር ካልሲ። እርስዎ ሲታመሙ እንኳን ድምፅዎ ተዘግቶ መጥተው በምልክት ያስተማሩበት ሳምንት ነበር። ማሙሽ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራን። «ቲቸር ጉሮሮዋን ስላመማት» ብሎ።

የሚቀጥለው ዓመት መምህርት ማን እንደምትሆን አናውቅም። ማሙሽ «ቲቸርም ከኛ ጋር ወደ ላይ ትወጣለች?» ሲል ጠይቆኛል። እውነቱን ነገርኩት። እርስዎ ሹልክ ማለት እንደሌለብኝ አስተምረውኛልና። «እሷ እዚያው ክፍል ትሆናለች፤ በሩ ላይ አዲስ የሚያለቅሱ ልጆች ይመጣሉ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «መተኛት፣ ተረት፣ ከዚያ እናታችሁ ትመጣለች በያቸው በላት» አለኝ። መልእክቱን አድርሻለሁ።

አባቱም እጅ ይነሳል። መጻፍ ላይ እንደኔ ስላልሆነ ለእኔ ተወው እንጂ፣ «አለቀ» ያለ ቀን ለሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ ደውሎ ነግሯል።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ሥዕል የማሙሽ ነው። እጁን አልያዝኩትም፣ ቀለምም አልመረጥኩለትም። መሐል ላይ ያለችው ትልቋ እርስዎ ነዎት። አንዱ እጅዎ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ለምን እንደረዘመ ስጠይቀው «ቡ ሆና ነው» አለኝ። ከእጅዎ ሥር ያለው ትንሹ ክብ ደግሞ እሱ ነው። የያዘው የክሬየን ሳጥኑን ነው። ቀይ አለበት፤ አይቼዋለሁ።

ከልብ አመሰግናለሁ፣
የማሙሽ እናት