የአርኤስኤ ቁልፍ በእርሳስና በወረቀት፦ ከ37 እና ከ59 ተነስተን
ለማታው የኮምፒውተር ደኅንነት ክፍል የተዘጋጀ ማስታወሻ፣ ባሕር ዳር

ሐሙስ ማታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ከመግባታችን በፊት ይህን ወረቀት በእርሳስና በተራ ካልኩሌተር እየሠራችሁ ጨርሱት። መብራት ጠፋ የሚል ምክንያት አልቀበልም፤ እዚህ ያለው ሁሉ በኩራዝ ብርሃን የሚሠራ ነው። ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱን ቁጥር ራሳችሁ አስልታችሁ ካላያችሁት ሐሙስ በስክሪኑ ላይ የሚዘረገፈው የቁጥር ናዳ ምንም አይነግራችሁም።

ጉዳዩ ይህ ነው። ዘጌ ያለ ቡና አቅራቢ በነገው ጀልባ ስንት ኪሎ እንደሚልክ ባሕር ዳር ላለችው ተረካቢ በስልክ መልእክት ማሳወቅ ይፈልጋል። የገበያ ተፎካካሪዎቿ ቁጥሩን አስቀድመው ካወቁ ቡናው ከጀልባ ሳይወርድ ዋጋ ይሰብሩባታል። ሁለቱ ቀድመው ተገናኝተው በምስጢር የተስማሙበት ነገር የለም፤ የሚጻጻፉበትን መስመርም ሌላ ሰው ያነበዋል እንበል። አርኤስኤ እንዲህ ላለው ችግር የተሠራ የምስጢር መጻፊያ ስልት ነው። ቁልፉን የምታዘጋጀው ተረካቢዋ ናት። ይህን አስምሩበት፤ ብዙ ተማሪ ቁልፍ የሚሠራው ላኪው ይመስለውና መሐል ላይ ይጠፋበታል። ተረካቢዋ ሁለት ቁልፍ ትሠራለች፦ አንዱን ለማንም ትሰጣለች፣ ሌላውን ለራሷ ታስቀራለች።

የሚያስፈልጓት ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ጣና 37 ደሴቶች አሉት ሲባል ሁላችንም ስለሰማን፣ 37ም ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ እርሱን p እንበለው። q ደግሞ 59 ይሁን። ብዜታቸው፦

```
n = 37 × 59 = 2183
```

ይህ n ለሁሉም ይታያል። የሚላከው መልእክት ከ2183 ያነሰ ቁጥር መሆን አለበት፤ ስሌቱ ሁሉ ለ2183 አካፍሎ ቀሪውን በመያዝ የሚካሄድ ነውና።

ቀጥሎ የምንፈልገው ቁጥር φ ይባላል። ከ1 እስከ 2183 ካሉት ቁጥሮች መካከል ከ2183 ጋር ከ1 በቀር ሌላ የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? የ37 ብዜቶች 59 ናቸው፤ የ59 ብዜቶች 37 ናቸው፤ 2183 ራሱ በሁለቱም ወገን ስለተቆጠረ አንድ እንመልሳለን። 2183 − 59 − 37 + 1 = 2088። ቀመሩን በቃል የሚያጠና ሰው (p − 1)(q − 1) = 36 × 58 = 2088 ብሎ ወዲያው ይደርሳል፤ ከየት እንደመጣ ግን አንድ ጊዜ መቁጠሩ አይጎዳም። n ለሁሉም ቢታይም φ ግን ለሰው አይነገርም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

አሁን የአደባባዩን አርቢ e እንምረጥ። ላኪው መልእክቱን e ጊዜ በራሱ አባዝቶ ለn ሲያካፍል የሚተርፈው ቀሪ ምስጢሩ ይሆናል። ደንቡ አንድ ነው፦ e ከ2088 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ አይኑረው። ደንቡ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ሆን ብለን እንጣሰው። e = 3 ብንል 2088 ለ3 ይካፈላል። አቅራቢው 1 ኪሎ ብሎ ቢልክ 1 × 1 × 1 ያው 1 ነው። 1712 ኪሎ ብሎ ቢልክስ? 1712ን ሦስት ጊዜ አባዝታችሁ ለ2183 አካፍሉት፤ ቀሪው እንደገና 1 ነው። ሁለት የተለያዩ መልእክቶች አንድ ምስጢር ሆኑ። ተረካቢዋ 1 ሲደርሳት አንድ ኪሎ ይሁን አሥራ ሰባት ኩንታል ከአሥራ ሁለት ኪሎ የምትለይበት ምንም መንገድ የላትም። የተመሰጠረው እንዳይመለስ ሆኖ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ e = 17 እንውሰድ። 2088 = 2³ × 3² × 29 ስለሆነ 17 አያካፍለውም። 17ን የመረጥሁት ለስሌትም ስለሚመች ነው፦ 2⁴ + 1 ነው፤ አራት ጊዜ በራሱ ማባዛትና አንድ ጊዜ ብቻ መጨመሪያ ማባዛት ይበቃዋል። በእውነተኛው ዓለም የተለመደው e 65537 የሆነውም በዚሁ ጠባይ ነው፦ 2¹⁶ + 1።

የቀረው የምስጢሩ አርቢ d ነው። የምንፈልገው 17 × d ለ2088 ሲካፈል 1 የሚተርፍበትን ቁጥር ነው። በግምት መፈለግ ይቻላል፤ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዩክሊድ ስልት እያለ ለምን እንድከም? ወደታች እያካፈልን እንውረድ፦

```
2088 = 122 × 17 + 14
  17 =   1 × 14 + 3
  14 =   4 × 3  + 2
   3 =   1 × 2  + 1
```

መጨረሻው 1 መሆኑ የ17ን ምርጫ ያጸድቃል። አሁን ከታች ወደ ላይ፣ እያንዳንዱን ቀሪ በላዩ ባለው መስመር እየተካን እንውጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱን ጠብቁ።

```
1 = 3 − 2
  = 3 − (14 − 4×3)        = 5×3 − 14
  = 5×(17 − 14) − 14      = 5×17 − 6×14
  = 5×17 − 6×(2088 − 122×17)
  = 737×17 − 6×2088
```

የመጨረሻውን መስመር ፈትሹ፦ 737 × 17 = 12529፣ 6 × 2088 = 12528። ልዩነታቸው 1 ነው። d = 737 ሆነ። ተረካቢዋ 2183 እና 17ን በሱቋ በር ላይ ብትለጥፍም ግድ የለም፤ 737ን፣ 37ን፣ 59ን እና 2088ን ግን ለማንም አትናገርም።

አቅራቢው 240 ኪሎ ሊልክ ነው። 240ን 17 ጊዜ ማባዛት ለካልኩሌተራችሁ ይከብደዋል፤ በየደረጃው ለ2183 እያካፈልን ቀሪውን ብቻ ብንይዝ ግን ቁጥሩ አያብጥም፦

```
240²  → 57600  → 842
240⁴  → 842²   → 1672
240⁸  → 1672²  → 1344
240¹⁶ → 1344²  → 995
240¹⁷ → 995 × 240 = 238800 → 853
```

በመስመሩ ላይ የሚሄደው 853 ነው። ተረካቢዋ ደግሞ 853ን 737 ጊዜ ማባዛት አለባት። እዚህ ላይ p እና q በእጇ መሆናቸው ይጠቅማታል። ስሌቱን በ37 እና በ59 ለየብቻ ትከፍለዋለች። 853 ለ37 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 737 ለ36 ሲካፈል 17፤ 2¹⁷ ለ37 ሲካፈል 18። በሌላው ወገን 853 ለ59 ሲካፈል 27፤ 737 ለ58 ሲካፈል 41፤ 27⁴¹ ለ59 ሲካፈል 4። ስለዚህ የምትፈልገው ለ37 ሲካፈል 18፣ ለ59 ሲካፈል 4 የሚተርፈው ቁጥር ነው። 4፣ 63፣ 122፣ 181፣ 240 እያላችሁ 59 ጨምሩ፤ 240 ላይ ስትደርሱ 6 × 37 = 222፣ ቀሪ 18። ቡናው 240 ኪሎ ነው።

ለምን ሠራ? 17 × 737 = 12529 = 1 + 36 × 348 ነው። የፌርማ ትንሹ ሕግ እንደሚለው 37 የማያካፍለው ማንኛውም ቁጥር 36 ጊዜ ተባዝቶ ለ37 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ መልእክቱን m ብንለው m¹²⁵²⁹ ማለት m ሲባዛ በ348 አንዶች ማለት ነው፤ የሚቀረው m ነው። 37 የሚያካፍለው ከሆነም ሁለቱም ወገን 0 ስለሆነ ነገሩ ያው ነው። ለ59ም እንዲሁ፦ 12528 = 58 × 216። በ37ም በ59ም ከተስማማ በ2183 ይስማማል።

አሁን በተፎካካሪው ቦታ እንቀመጥ። ያለው 2183፣ 17 እና 853 ነው። φን ቢያገኝ ምን ይሆናል? n + 1 − φ = 2184 − 2088 = 96፤ ይህ የp እና የq ድምር ነው። ግማሹ 48፤ 48² − 2183 = 121 = 11²። 48 − 11 = 37፣ 48 + 11 = 59። φ ለሰው አይነገርም ያልሁት ለዚህ ነው፤ φን መንገር ሁለቱንም ብቸኛ ቁጥሮች መንገር ነው። φን ሳያገኝም በ2፣ በ3፣ በ5 እያለ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ ቢሞክር በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ 37 ላይ ይደርሳል። ከዚያም የፈጠነ መንገድ አለ፦ ከ2183 ስኩዌር ሩት በላይ ያለውን የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ይዞ 47² − 2183 = 26 ይላል፤ የማንም ስኩዌር አይደለም። ቀጥሎ 48 ይሞክርና 121 ያገኛል። ሁለት ሙከራ ብቻ! የእኛ p እና q በጣም ተቀራርበዋል። እውነተኛ ቁልፍ የሚሠራ ፕሮግራም ሁለቱ ተራርቀው መመረጣቸውን የሚያረጋግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው። ሌላ ነጋዴ ሳያውቅ እርሱም 37ን መርጦ 37 × 61 = 2257 አለ እንበል። ተፎካካሪው 2257 − 2183 = 74 ያገኛል፤ 2183 ለ74 ሲካፈል 37 ይተርፋል፤ 74 ደግሞ ለ37 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለት መስመር የዩክሊድ ስሌት ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሰበረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ቁልፎችን ሰብስበው በዚሁ መንገድ ብዙዎችን ሰብረዋል፤ መሣሪያዎቹ ገና ሲበሩ የሚጠቀሙበት የዕጣ ምንጭ ደካማ ስለነበር ተመሳሳይ ብቸኛ ቁጥር ይመርጡ ነበር። ሒሳቡ እንከን የለውም፤ ችግሩ የአመራረጡ ነው።

ስለ ታሪኩ በአጭሩ፦ ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ስልቱን ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ስሙም የሦስቱ የመጀመሪያ ፊደላት ነው። እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ኮክስ በ1973 ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ነበር፤ ለመንግሥት የስለላ ተቋም ይሠራ ስለነበር እስከ 1997 ድረስ በይፋ አልተነገረም።

ሐሙስ የምንሠራው ቁልፍ 2048 ቢት ነው፤ የn ርዝመት 617 አኃዝ ይሆናል። እስከ 2020 ድረስ ተከፋፍሎ ለሕዝብ የተገለጸው ትልቁ የአርኤስኤ ቁጥር 250 አኃዝ ያለው ነበር፤ ለዚያም እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች ተባብረው ደክመዋል። የምትጽፉት ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
openssl genrsa -out key.pem 2048
openssl rsa -in key.pem -text -noout
```

የሚወጡትን ስሞች ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። modulus የእኛ 2183 ነው፤ publicExponent 17፤ privateExponent 737፤ prime1 እና prime2 37 እና 59። exponent1 እና exponent2 ተረካቢዋ ስትፈታ ያገኘቻቸው 17 እና 41 ናቸው። coefficient የሚለው ደግሞ በ59 ተባዝቶ ለ37 ሲካፈል 1 የሚተርፍበት ቁጥር ነው፤ የእኛ 32 ነው። እኛ 59 እየደመርን የደረስንበትን በአንድ ማባዛት ለመጨረስ ይጠቅማል።

የቤት ሥራ፦ p = 41፣ q = 67፣ e = 17። አቅራቢው 1956 የሚል ምስጢር ልኳል። ስንት ኪሎ ነው? በዩክሊድ ስትወጡ የ17 አባዢ −1087 ሆኖ ይመጣባችኋል፤ አትደንግጡ፣ 2640 ጨምሩበትና ቀጥሉ። ስሌቱን በሙሉ ጽፋችሁ አምጡ፤ መልሱን ብቻ ያመጣ ሰው ነጥብ የለውም።