የጓዳችን ምግብ ዝርዝር

ሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ
በየቀኑ ከጠዋቱ 1:00 እስከ ማታ 3:00

ቁርስ · የጾም · አሳ · የፍስክ · መጠጥ · ጭማሪ
(ወደሚፈልጉት ለመዝለል ስሙን ይንኩ)

ዋጋው ሁሉ በብር ነው። 15% ቫት ገብቶበታል። ካሸር ጋ ሲደርሱ የሚጨመር ነገር የለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከዚህ ጋር ከተለያየ የምናስከፍለው በዚህኛው ነው። ወረቀቱን ቶሎ መቀየር አይሆንልንም።

ቁርስ
እስከ ረፋዱ 5:00 ብቻ

ጨጨብሳ .................. 220
በቅቤና በበርበሬ። ማር ለብቻው ይመጣል፤ የሚቀላቅልም የማይቀላቅልም አለ።

ገንፎ ................... 250
ቅቤው መሀል ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከዳር እየቆረሱ ይግቡ።

ቅንጬ ................... 160
ፉል .................... 190
እንቁላል ፍርፍር ............ 200

ዱለት ................... 380
ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ። ለብለብ ወይስ የበሰለ? ሲያዙ ይንገሩን። ረቡዕና ዓርብ አንሠራም።

የጾም
ዓመቱን ሙሉ አለ

የጾም ድስት፣ ጭልፋና መጥበሻ ለብቻቸው ናቸው። ቅቤ የነካ ማንኪያ እዚህ አይገባም። ጓዳ ገብቶ ማየት የፈለገ ይግባ።

የጾም በያይነቱ ............. 260
ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ። ረቡዕና ዓርብ አዚፋ ይጨመራል።

ሽሮ ተጋቢኖ ............... 240
በሸክላ፣ እየተንተከተከ ይቀርባል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ አይቸኩሉ፤ ምላሱን ያቃጠለ ደንበኛ በየሳምንቱ አናጣም። ሽሮውን የምናስፈጨው ራሳችን ነን። ቃሪያ የማይወድ ሰው ካለ ቀድሞ ይናገር።

ሱፍ ፍትፍት ............... 210
ቀዝቃዛ ነው። ለምሳ ሰዓት ፀሐይ ጥሩ ነው።

ቲማቲም ፍትፍት ............. 190

አሳ

አሳ ጥብስ ................ 480
ሙሉ ቆሮሶ። ከሎሚና ከዳጣ ጋር። አሳ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አንገባም። ለዚህ ነው ለብቻው ያስቀመጥነው። ዘይቱ ግን የአሳ ብቻ ነው።

የፍስክ

ዶሮ ወጥ ................. 700
ቅዳሜና እሁድ ብቻ። የሐበሻ ዶሮ ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ይህ ብቻውን ሰዓታት ይወስዳል። ዓርብ ማታ ተጀምሮ ቅዳሜ ለምሳ ይደርሳል። አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላልና አይብ አለው። ፈረሰኛ እንዲደርስዎት ከፈለጉ ቀደም ብለው ይምጡ፤ ከአንድ ዶሮ የሚወጣው አንድ ነው። ሲያልቅ አልቋል፤ ከሌላ ወጥ አንቀንስም።

ክትፎ ................... 650
ልዩ ክትፎ ................ 850
ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ። ከአይብ፣ ከጎመንና ከቆጮ ጋር። ልዩው ሥጋው ይበዛል እንጂ ቅመሙ አንድ ነው። ሚጥሚጣው ለብቻው ይቀርባል።

ሸክላ ጥብስ ............... 580
ከሰሉ ከታች አለ። ልጅ ይዘው ከመጡ ዳር ወንበር ላይ አያስቀምጡት።

ቦዘና ሽሮ ................ 320
ቋንጣ ፍርፍር .............. 360

ትሪ ለ4 ሰው ............. 2400
ጥብስ፣ ክትፎ፣ ቦዘና ሽሮ፣ አይብ፣ ጎመን። ቅዳሜና እሁድ ዶሮ ወጥ ይገባበታል። አምስተኛ ሰው ከመጣ እንጀራ ይጨመራል እንጂ ሒሳቡ አይጨምርም።

መጠጥ

የጀበና ቡና ................ 50
ከ4:00 ጀምሮ። ጤና አዳም ከፈለጉ ይጠይቁ። ቤት የተቆላ ነው፤ ጭሱ የሚያስቸግርዎት ከሆነ በረንዳው ላይ ቦታ አለ።

ሻይ ..................... 30
ማኪያቶ ................... 65

ስፕሪስ .................. 170
አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ። የማንጎ ወቅት ሲያልፍ በሌላ ፍሬ እንተካለን። ስኳር አንጨምርም፤ ቪምቶ የሚፈልግ ይንገረን።

እርጎ ................... 140
ለስላሳ ................... 60
ውሃ (ግማሽ ሊትር) ........... 30

ጠጅ በብርሌ ............... 150
ለስለስ ያለ ወይም ደረቅ። ሁለተኛው ብርሌ ላይ መኪና ይዘው እንደሆነ እንጠይቃለን። አይቀየሙን።

ጭማሪ

እንጀራ ጭማሪ ............... 30
የሚወሰድበት ዕቃ ............. 35

የጤፍ እንጀራችን ምንም አልተቀላቀለበትም። ስንዴ የማይስማማዎት ከሆነ ጨጨብሳና ቅንጬ ይለፍዎት። ኦቾሎኒ ወጥ ውስጥ አንከትም።

ሒሳብ በቴሌብር፣ በባንክ ዝውውር ወይም በጥሬ ብር ይከፈላል። በስልክ ከከፈሉ ካሸሯ መልእክቱ እስኪገባላት ትንሽ ይታገሷት። ኔትወርኩ ከዘገየ ሻይ በእኛ ነው።