የበዓል ሳምንት እጥፍ ነጥብ፦ ምን ይቆጠራል፣ ምን አይቆጠርም

ውድ አባሎቻችን፣

በበዓል ሳምንት የግዢ ነጥብዎ እጥፍ ይሆናል። ከቸኮሉ እነዚህን ስድስት መስመሮች ብቻ ያንብቡ፤ ይበቃዎታል።

መቼ፦ ሰኞ ጠዋት ሱቁ ከተከፈተበት እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት።
ስንት፦ ደረሰኝዎ 100 በሞላ ቁጥር 2 ነጥብ። በአዘቦት ቀን 1 ነው።
ምን ልያዝ፦ የአባልነት ካርድዎን፣ ወይም የተመዘገቡበትን ስልክ ቁጥር። ከመክፈልዎ በፊት ይንገሩን።
የማይቆጠር፦ የስጦታ ካርድ፣ የሞባይል ካርድ፣ የዴሊቨሪ ክፍያ።
ጣሪያ፦ በሳምንቱ ውስጥ ለአንድ አባል እስከ 500 ጭማሪ ነጥብ።
ጭማሪው መቼ ይገባል፦ በገዙ በ15ኛው ቀን።

ከዚህ በታች ያለው ካሸሮቻችን ቶሎ ቶሎ ለሚጠየቋቸው ጥያቄዎች መልስ ነው። የሚመለከትዎትን ብቻ መርጠው ያንብቡ።

ስሌቱ እንዴት ነው?

መጀመሪያ የተለመደው ነጥብ ይሰላል። ከዚያ ያንኑ ያህል ይጨመርበታል። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ስላለው በምሳሌ እንየው።

የደረሰኝዎ ድምር 850 ነው እንበል። በ850 ውስጥ 8 ሙሉ መቶ አለ። ስለዚህ 8 መደበኛ ነጥብ፣ 8 ደግሞ የበዓል ጭማሪ ያገኛሉ። በጠቅላላው 16። «850 ሲታጠፍ 1700 ነው፣ ታዲያ 17 አይሆንም ወይ?» የሚሉን አሉ። አይሆንም። የሚታጠፈው ነጥቡ እንጂ የከፈሉት ሒሳብ አይደለም። መቶ ያልሞላችው 50 በአዘቦቱም ነጥብ የላትም፣ በበዓልም የላትም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ደረሰኝ መከፋፈል አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሊጎዳዎት ይችላል። 900 የሚያወጣ ዕቃ በአንድ ደረሰኝ ቢገዙ 18 ነጥብ ያገኛሉ። 450 እና 450 አድርገው ለሁለት ቢከፍሉት ግን እያንዳንዱ 8 ይሆንና 16 ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ካሸሩን «ለሁለት ክፈልልኝ» አይበሉ። እሱም ያመሰግንዎታል፣ ከኋላዎ የተሰለፈውም።

ቅናሽ ያለበት ዕቃስ?

ነጥብ የሚቆጠረው ከቅናሹ በኋላ በከፈሉት ላይ ነው። 1000 የነበረ ዕቃ 20 በመቶ ቀንሶ 800 ከገዙት፣ ነጥቡ የ800 ነው፤ 8 እና 8፣ 16 ነጥብ። ቅናሽ ያለበት ዕቃ ከእጥፉ አይወጣም። ሁለቱንም አብረው ይጠቀማሉ።

አንዳንድ ዕቃዎች ላይ «50 ነጥብ ተጨማሪ» የሚል ቢጫ ምልክት ያያሉ። ያ 50 አይታጠፍም። እጥፍ የሚሆነው ከየ100ው የሚገኘው መደበኛ ነጥብ ብቻ ነው። የ850ው ደረሰኝ ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ካለ፣ 16 ሲደመር 50፣ 66 ነጥብ ይሆናል። የልደት ነጥብም እንዲሁ ነው፤ ልደትዎ በበዓል ሳምንት ቢውል የተለመደውን ስጦታ እንሰጥዎታለን፣ እጥፍ ግን አይሆንም።

በነጥቤ ብከፍልስ?

ይችላሉ። 1 ነጥብ ከሒሳብዎ ላይ 1 ይቀንሳል። በበዓልም ያው ነው። ሳምንቱ የሚያጥፈው የሚያገኙትን ነጥብ ነው እንጂ በእጅዎ ያለውን አይደለም። 300 ነጥብ ካለዎት 300 ብቻ ይቀንስልዎታል፣ 600 አይደለም።

በነጥብ የተከፈለው ክፍል አዲስ ነጥብ አያስገኝም። ድምሩ 1200 ሆኖ 300ውን በነጥብ ከከፈሉ፣ የሚቆጠረው የቀረው 900 ነው። 18 ነጥብ ይገባልዎታል። ነጥብዎ የሚያልቅበት ቀን ካልደረሰ፣ በዚህ ሳምንት በገንዘብ ከፍሎ የድሮውን ነጥብ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይሻላል። እኛ ብንሆን እንደዚያ እናደርጋለን።

ሌላም በግልጽ እንናገር። ለ1000 ግዢ የበዓሉ ጭማሪ 10 ነጥብ ነው። ለመግዛት ያሰቡት ነገር ካለ ይህ ሳምንት ጥሩ ጊዜ ነው። ለነጥቡ ብቻ ተብሎ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ግን አያዋጣም።

ሰዓቱ

ወሳኙ የከፈሉበት ሰዓት ነው። ሱቅ ውስጥ ከሆነ ደረሰኙ ላይ የታተመው ሰዓት ይታያል። እሑድ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ወረፋ ላይ ከነበሩ አይጨነቁ፤ በሩ ውስጥ የገባ ሁሉ ተስተናግዶ ነው የሚወጣው፣ ነጥቡም እጥፍ ነው።

በአፕ ወይም በኦንላይን የሚገዙ ግን ይህን ልብ ይበሉ። ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ማስገባት መግዛት አይደለም። ክፍያው እሑድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት መፈጸም አለበት። አፑ ሰዓቱን የሚያሳየው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 23:59 የሚለው የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት። ዕቃው ማክሰኞ ቢደርስዎትም ችግር የለም፣ እሑድ ከከፈሉ እጥፍ ነው። በተቃራኒው እሑድ አዝዘው ማክሰኞ ዕቃው ሲመጣ ከከፈሉ፣ የሚያገኙት መደበኛውን ነጥብ ብቻ ነው። በባንክ ካስተላለፉ ገንዘቡ ከእርስዎ ሒሳብ የወጣበት ሰዓት ይያዛል፤ እኛ ጋ ዘግይቶ ቢገባ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ቀብድ የከፈላችሁም አላችሁ። ቀብዱን ከበዓሉ ሳምንት በፊት ከፍለው ቀሪውን በሳምንቱ ውስጥ ከጨረሱ፣ እጥፉ የሚታሰበው በቀሪው ላይ ነው።

ጭማሪው ለምን ወዲያው አይገባም?

ብዙ ስልክ የሚያስደውለን ይህ ነው። ደረሰኝዎ ላይ ሁለት መስመር ያያሉ። አንዱ «መደበኛ ነጥብ» ይላል፤ እሱ ወዲያው ይገባል፣ በነጋታው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ሁለተኛው «የበዓል ጭማሪ፣ በመጠባበቅ ላይ» ይላል። እሱ አልጠፋም። ዕቃ መመለሻው ጊዜ 14 ቀን ስለሆነ፣ ያ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። በ15ኛው ቀን ጠዋት ሒሳብዎ ውስጥ ያገኙታል፣ በስልክዎም አጭር መልእክት ይደርስዎታል።

ዕቃ ከመለሱ ነጥቡ በቀረው ሒሳብ እንደገና ይሰላል። 1500 ገዝተው 15 እና 15 ተመዝግቦልዎት ነበር እንበል። 400 የሚያወጣውን ቢመልሱ የቀረው 1100 ነው፤ 11 እና 11 ይሆናል። መደበኛውን ነጥብ ቀድመው ከተጠቀሙበት ሒሳብዎ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ገንዘብ አምጡ አንልዎትም፤ በሚቀጥለው ግዢ ይካካሳል።

መቀየር ከመመለስ የተለየ ነው። መጠኑ አልሆን ብሎ ያንኑ ዕቃ በሌላ መጠን ከቀየሩ፣ ሳምንቱ ካለፈም በኋላ ቢሆን እጥፉ አይነካም። ልዩነት የሚከፈልበት ሌላ ዕቃ ከወሰዱ ልዩነቱ በከፈሉበት ቀን ሕግ ይታሰባል።

ካርዴን ብረሳስ?

ስልክ ቁጥርዎን ይንገሩ፣ ይበቃል። እሱንም ሳይናገሩ ከወጡ ደረሰኙን በ7 ቀን ውስጥ ወደ አባላት አገልግሎት ያምጡት። የምንመዘግበው በገዙበት ቀን ስለሆነ፣ ሳምንቱ ቢያልፍም እጥፍዎን አያጡም። ደረሰኝ ከሌለ ግን ምንም ማድረግ አንችልም። ፎቶ አንስተው ቢያስቀምጡት አይከፋም፤ ቁጥሩ እስከተነበበ ድረስ ፎቶውንም እንቀበላለን።

ሰልፍ ላይ ከኋላዎ ያለው ሰው «ካርድ ከሌለህ በኔ ይመዝገብ» ቢል፣ ፈቃዱ የእርስዎ ነው። ነጥቡ ግን የሱ ይሆናል፤ በኋላ ማዛወር አይቻልም። ባልና ሚስት በየራሳቸው ካርድ የሚጠቀሙ ከሆነም የሁለቱን ነጥብ አንድ ላይ ማድረግ አንችልም፤ ለበዓሉ አንዱን ካርድ መርጦ በእሱ መግዛት ይቀላል። የ500 ጣሪያው የሚቆጠረው በካርድ ስለሆነ፣ ብዙ የሚገዙ ቤተሰቦች ግን በሁለቱም ቢጠቀሙ ይሻላቸዋል። ጣሪያው ሲሞላ መደበኛው ነጥብ አይቆምም፤ የሚቆመው ጭማሪው ብቻ ነው።

አባል ካልሆንኩስ?

በሳምንቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ካሸሩ ጋ ይመዝገቡ። ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው የምንጠይቀው፣ ክፍያ የለውም። ከተመዘገቡበት ደረሰኝ ጀምሮ እጥፍ ያገኛሉ። ሰኞ ገዝተው ሐሙስ ከተመዘገቡ ግን የሰኞው አይቆጠርም።

የሚያልቀው መቼ ነው?

መደበኛው ነጥብ እንደ ወትሮው 12 ወር ይቆያል። የበዓል ጭማሪው ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። አጭር መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህም ነው በነጥብ ሲከፍሉ ቶሎ የሚያልቀው ቀድሞ እንዲወጣ ያደረግነው። እርስዎ መምረጥ አይጠበቅብዎትም።

የስጦታ ካርድ ነጥብ የማያስገኘው ካርዱ ሲሸጥ ነው። በበዓል ሳምንት በስጦታ ካርድ ዕቃ የሚገዛ ሰው እንደ ማንኛውም ገዢ እጥፉን ያገኛል።

16ኛው ቀን ደርሶ ጭማሪው ካልገባልዎት፣ ደረሰኙን ይዘው ወደ አባላት አገልግሎት ጠረጴዛ ይምጡ፤ ከመግቢያው በስተቀኝ ነው። መምጣት ካልተመቸዎት አፑ ውስጥ «የኔ ነጥብ» የሚለውን ከፍተው «ነጥብ ጎድሎኛል» የሚለውን ይጫኑ፣ የደረሰኙንም ፎቶ ያያይዙ። በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንሰጣለን።