ጉዳዩ፦ የልጄ የናሆም ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት በሕክምና ምክንያት መዘግየቱን ስለማሳወቅ

ድሬዳዋ፣ ህዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለት/ቤቱ ርእሰ መምህር

ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

የኬጂ 1 ተማሪ የናሆም እናት ነኝ። ዓርብ ዕለት በኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ የተጻፈውን አይቻለሁ። «ክትባቱ ያልተሟላ ልጅ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ክፍል አይገባም» ይላል። ደንቡን አልቃወምም። የክፍሉን ልጆች ለመጠበቅ የወጣ መሆኑም ይገባኛል። ግን ናሆም ክትባቱን ያልወሰደው ስለተዘናጋን አይደለም፤ አሁን እንዳይወስድ የከለከለው ሐኪሙ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ካርዱን ብታዩት የሕፃንነት ክትባቶቹ ሁሉ አሉ። በ9 ወሩ የሚሰጠው የመጀመሪያው ኩፍኝም አለ። ባዶ የሆነችው የ15ኛ ወሯ ሳጥን ብቻ ናት። ያኔ ናሆም አያቱ ጋ ገጠር ነበር፤ ስንመለስ ነገ ዛሬ ስንል ቀረ። በምዝገባ ጊዜ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አስከትበዋለሁ ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነኝ።

መስከረም ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኑ አብጦ ይነሳ ጀመር። ቢንቢ ነክሶት ነው ብለን ነበር፤ የድሬ ቢንቢ እንደሆነ ያውቁታል። በአራተኛው ቀን እግሩ ጫማው ውስጥ አልገባ አለ። ሽንቱም እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ያወጣ ነበር። ሐኪም ቤት ሲመረመር ኩላሊቱ ፕሮቲን በሽንት እያፈሰሰ መሆኑ ታወቀ። በሽታው ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ይባላል። ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ ይህን ለሌሎቹ ወላጆች ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ በር ላይ ስንገናኝ ልጃቸውን ከናሆም ራቅ የሚያደርጉ አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ለ6 ሳምንት በየቀኑ 30 ሚሊ ግራም ወሰደ፤ 16 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ብዙ ነው። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ መጠኑ ተቀንሶ በየሁለት ቀኑ ሆኗል። በዚህ መልክ እስከ ታህሳስ 19 ይቀጥላል። በድንገት ማቋረጥ አይቻልም።

ክትባቱን የሚያግደው ይሄ መድኃኒት ነው። የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ግን ሕያው የሆነ ቫይረስ ነው። ጤነኛ ልጅ በቀላሉ ይቋቋመዋል። ፕሬድኒሶሎን በዚህ መጠን ሲወሰድ ግን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ክትባቱም ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ አለበት ተብሏል። ሐኪሙ ለጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ቀጥሮታል። በሽታው ካላገረሸ ያን ዕለት ይከተባል፤ ካርዱን በማግስቱ ይዤ እመጣለሁ። ካገረሸና መድኃኒቱ ካልቆመ ደግሞ አዲስ የሐኪም ወረቀት አመጣለሁ እንጂ ዝም አልልም።

እስከዚያ ትምህርቱን እንዲቀጥል ይፍቀዱልኝ። ሐኪሙም መማር ይችላል ብሎ ጽፏል። በየጠዋቱ ሽንቱን በመመርመሪያ ወረቀት አያለሁ። ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። አረንጓዴ ሲሆን ፕሮቲን አለ ማለት ስለሆነ ያን ዕለት ትምህርት ቤት ሳይሆን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ከልጆቹ አንዱ ትኩሳትና ሽፍታ ከታየበት፣ ኩፍኝም ይሁን ጉድፍ፣ እባካችሁ በዚያው ሰዓት ደውሉልኝ። ስልኬ መዝገባችሁ ላይ አለ። «እስኪ ነገ እናያለን» አይባል። ለሌላው ልጅ ቀላል የሆነው ለናሆም ከባድ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በፍጥነት እንዳመጣው አዞኛል።

ለክፍል መምህርቱ ደግሞ፦ መድኃኒቱ ያስርበዋል። ምሳ ዕቃውን በመጀመሪያው ዕረፍት ጨርሶ የሌላውን ቢመለከት ስስታም ነው አትበሉት። ጨው ተከልክሏል፤ ከበር ላይ ባጊያና ሳምቡሳ ልጆቹ እንዳያካፍሉት አደራ። ፊቱ የተነፋውም ከመድኃኒቱ ነው። «ጉንጬ» እያሉት ነው መሰለኝ፤ ሰሞኑን ቤት ገብቶ መስታወት ፊት ቆሞ ጉንጩን በሁለት እጁ ሲጫን አገኘሁት።

የሐኪሙን ማስረጃና የክትባት ካርዱን ኮፒ አያይዣለሁ። ዋናውን ካርድ ማየት ከፈለጋችሁ ነገ ጠዋት ሳደርሰው ይዤ እገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሰብለ፣ የናሆም እናት
ሳቢያን