የስሕተት መከለሻ፦ ከ24ቱ የፊዚክስ ጥያቄዎች የሳትኳቸው 11

ባሕር ዳር፣ ለቅዳሜ ጥናት። በሁሉም ላይ g = 10 m/s² ነው።

በትክክል የሠራኋቸውን 13 ጥያቄዎች እዚህ አልገለበጥኩም። የቀሩትን በጥያቄ ቁጥር ሳይሆን በሳትኩበት ምክንያት ደለደልኳቸው፤ መልሱን ብቻ ሳይ የተለያዩ ይመስሉኝ የነበሩ አራት ጥያቄዎች በአንድ ምክንያት የተሳቱ ሆነው ተገኙ። ያ ምክንያት ከሁሉ ስለሚብስ እሱን አስቀድሜያለሁ።

ሀ. ፎርሙላን ያለቦታው መጠቀም (6፣ 9፣ 15፣ 19)

ጥያቄ 9፦ ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው ከ45 ሜትር ከፍታ ከዕረፍት ተነሥቶ ይወድቃል፤ የአየር ግጭት የለም ተብሏል። ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው?
የጻፍኩት፦ t = 3 s፣ ስለዚህ v = 45/3 = 15 m/s።
ሰዓቱ ትክክል ነው። 15 ግን የጉዞው አማካይ ፍጥነት እንጂ የመጨረሻው አይደለም። s = vt የሚሠራው ፍጥነቱ ካልተለወጠ ብቻ ነው፤ የሚወድቅ ነገር ደግሞ በየሰከንዱ 10 m/s ይጨምራል።
ትክክሉ፦ v = gt = 10 × 3 = 30 m/s። በሌላ መንገድ ማረጋገጫ፦ √(2 × 10 × 45) = √900 = 30።

ጥያቄ 15 ያው ነው። በ20 m/s የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በ5 ሰከንድ ቆመ፤ 20 × 5 = 100 m ብዬ ጻፍኩ። መኪናው እየቀነሰ ስለሆነ አማካዩ 10 m/s ነው፣ ርቀቱም 50 m።

ጥያቄ 6 ተቃራኒው ወጥመድ ነው። ባጃጅ ሲሄድ በ20፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ በ30 km/h ከሆነ አማካዩን 25 አልኩ። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚቻለው የወሰዱት ጊዜ እኩል ሲሆን ነው። እዚህ እኩል የሆነው ርቀቱ ነው፤ በዝግታ የሄደበት ጊዜ ይረዝማል። መንገዱን 60 km ብለን ብንይዝ 3 ሰዓትና 2 ሰዓት፣ 120/5 = 24 km/h።

ጥያቄ 19፦ 10 kg ሣጥን በ40 N ኃይል፣ ከአግድም 30° ወደ ላይ ባዘነበለ ገመድ ይጎተታል። N = mg = 100 N ብዬ አለፍኩ። ገመዱ ሣጥኑን በከፊል ያነሣዋል፦ N = 100 − 40 sin 30° = 80 N። ፍሪክሽኑም በዚሁ ተበላሸብኝ።

ከመጀመሬ በፊት የምጠይቀው፦ *ይህ ፎርሙላ ምን ሲሆን ነው የሚሠራው? ጥያቄው ውስጥስ ያ ነገር አለ?*

ለ. የአቅጣጫ ምልክት (11፣ 12፣ 20)

ጥያቄ 11፦ ከውሃው 15 m ከፍ ካለ ድልድይ ላይ ድንጋይ በ10 m/s ወደ ላይ ተወረወረ፤ ውሃው ላይ መቼ ያርፋል?
የጻፍኩት፦ 15 = 10t + 5t²፣ t = 1 s።
ወደ ላይ አዎንታዊ ከሆነ ውሃው −15 ላይ ነው፦ −15 = 10t − 5t²፣ ማለትም t² − 2t − 3 = 0፣ t = 3 s። የኔ 1 ሰከንድ ድንጋዩ ወደ ታች ቢወረወር የሚሆነው ነው። ሽቅብ ወጥቶ ለመቆም ብቻ 1 ሰከንድ እንደሚፈጅበት አስቤ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱን ወዲያው አየው ነበር።

ጥያቄ 12፦ 0.5 kg ኳስ ግድግዳ በ6 m/s መትታ በ4 m/s ተመለሰች። የሞመንተም ለውጡ 0.5 × (6 + 4) = 5 kg·m/s ነው፣ 1 አይደለም። ጥያቄ 20 ላይ እንቅስቃሴውን የሚቃወመው ፍሪክሽን የሠራው ሥራ −90 J ሆኖ ሳለ የመቀነስ ምልክቱን ረሳሁ።

ሐ. ዩኒት (3፣ 17)

3፦ ወደ ዘጌ 15 km በጀልባ በ50 ደቂቃ። 0.3 m/s ጻፍኩ፤ ከሰው እርምጃ ያነሰ ጀልባ። 15,000/3,000 = 5 m/s። 17፦ 25 cm² = 0.0025 m²፣ 0.25 አይደለም፤ ስፋት ሲሆን ለ100 ሁለት ጊዜ ማካፈል።

መ. ጥያቄውን አንብቦ አለመጨረስ (14፣ 22)

ጥያቄ 14 ጣና ውስጥ 14 m ጥልቀት ላይ *ጠቅላላ* ግፊቱን ጠይቆ የአየሩን ግፊት 82,000 Pa ብሎ ሰጥቷል። የውሃው 1,000 × 10 × 14 = 140,000 Pa፣ ድምሩ 222,000 Pa። እኔ በቃሌ የያዝኩትን 101,000 ጨመርኩ። ያ የባሕር ወለል ነው፤ እኛ 1,800 m ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ ውሃችንም የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። 22፦ ዘጌ ደርሶ መልስ፣ የተጠየቀው ዲስፕሌስመንት። 0፣ 30 km አይደለም።

ቅዳሜ ያለ ደብተር የምንሠራቸው

1. 9ኛውን በ80 m ከፍታ።
2. 11ኛውን፣ ወደ ታች አዎንታዊ ብለን ከመጀመሪያው።
3. 19ኛውን፣ ሣጥኑ ከኋላ በ30° ወደ ታች ባዘነበለ ኃይል ሲገፋ።
4. 14ኛውን በ8 m ጥልቀት።

የሳተ ሰው ከመልሱ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም መ ብሎ ይጻፍበት።